የወርክሾፕ ምዘና ቼክሊስት ምን ይመዝናል? በአንድ የብየዳ ሥራ ላይ የተመሠረተ ዳሰሳ

በቴክኒክና ሙያ የተግባር ምዘና ላይ ከመዛኙ እጅ የማትጠፋ አንዲት ወረቀት አለች። በአንድ ወገን ተመዛኙ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ በሌላው ወገን «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ምልክት ይደረጋል። ምልክቶቹ ተደምረው ሰውዬው «ብቁ ነው» ወይም «ገና አልበቃም» ይባላል። በዚህች ወረቀት ላይ ምን መስፈር እንዳለበት ግን የሙያ ትምህርት ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ ሦስት ወገን አለው። አንዱ «አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንይ» ይላል፤ ሌላው «የተሠራውን ዕቃ እንለካ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የበሰለ ባለሙያ አጠቃላይ ዳኝነቱን ይስጥ» ይላል።

ጥያቄውን በጥቅሉ ከማየት ይልቅ በአንድ ሥራ ላይ ማየት ይሻላል። እዚህ የተመረጠው በአገራችን የብረታ ብረት ወርክሾፖች በብዛት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው፤ ሁለት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ላሜራዎች አንዱ ተኝቶ ሌላው በላዩ ቆሞ በማዕዘኑ ይበየዳሉ። ኤሌክትሮዱ 6013፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው።

ሥራን በደረጃ የመከፋፈል አመጣጥ

ሥራን ከፋፍሎ የማስተማር ሐሳብ በሰፊው የሚያያዘው ከሞስኮው የንጉሠ ነገሥት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከቪክቶር ዴላ ቮስ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ የአናጢነትን፣ የቀጥቃጭነትንና የብረት ሥራን ሙያ ወደ ተከታታይ ልምምዶች ከፋፈለ። ተማሪው አንዱን ልምምድ በሚፈለገው ልክ ሳይሠራ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላዴልፊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ልምምዶቹ ሲታዩ አሜሪካውያን አስተማሪዎች ወዲያው ወደ አገራቸው ትምህርት ቤቶች ወሰዷቸው። ልብ ማለት የሚገባው ግን ዴላ ቮስ የከፋፈለው ለማስተማር መሆኑን ነው። ለማስተማር የተከፋፈለ ሥራ ለመመዘንም በዚያው ልክ መከፋፈል አለበት ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ እስከ ዛሬ ለብዙ ግራ መጋባት ምክንያት ሆኗል።

መከፋፈሉ ወደ ምዘና በሙሉ ኃይሉ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ብሔራዊ የሙያ ብቃት ምክር ቤት አቋቁማ እያንዳንዱን ሙያ በብቃት አሃዶች፣ አሃዱን በንዑሳን፣ ንዑሱንም በአፈጻጸም መስፈርቶች ከፈለች። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ መስፈርቱ በግልጽ ከተጻፈ ማንም መዛኝ የትም ቦታ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ተብሎ ታምኖበታል። አሊሰን ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ብቃት ተኮር ምዘናን በሚመለከት መጽሐፍ ይህን እምነት ተቃወመች። የክርክሯ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ መስፈርት የቱንም ያህል ቢብራራ መዛኙ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ ይሻል፤ ማብራሪያውም ሌላ ማብራሪያ ይወልዳል። ወረቀቱ እየወፈረ ይሄዳል እንጂ ዳኝነት ከመዛኙ ጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ አያልቅም። በአውስትራሊያም እነ አንድሩ ጎንዚ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብቃት እንደ ዝርዝር ሳይሆን ዕውቀት፣ ክህሎትና ዳኝነት አብረው የሚሠሩበት አንድ ነገር ሆኖ እንዲታይ ተከራክረዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥርዓቱን በውጤት ላይ የተመሠረተ አደረገው። የሙያ ደረጃዎች ተዘጋጁ፤ ደረጃዎቹ በብቃት አሃዶች ተከፈሉ፤ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ማረጋገጫ ምዘናም በእነዚሁ ላይ ቆመ። የዚህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ቁም ነገር ምዘናው ኮሌጅ ገብቶ ለተማረ ብቻ ሳይሆን በጋራዥና በብየዳ ቤት እየሠራ ለተማረም ክፍት መሆኑ ነው። ቼክሊስቱም ሁለት ዓይነት ሰው ይመዝናል ማለት ነው፤ አሠራሩን በመማሪያ ሞጁል ቅደም ተከተል የተማረውንና ከጌታው እያየ የተማረውን። ወደዚህ ልዩነት ኋላ እንመለሳለን።

በብየዳው ላይ የሚታይና የማይታይ

የማዕዘን ብየዳው ምን እንደሚጠይቅ በቅድሚያ እንይ። በያጁ የላሜራዎቹን ጠርዝ ከዝገትና ከቀለም ያጸዳል፤ በነጥብ ብየዳ ያያይዛቸዋል፤ ዘጠና ዲግሪ መሆናቸውን በማዕዘን መለኪያ ያያል። ለ3.2 ኤሌክትሮድ የተለመደው የኃይል መጠን ከ90 እስከ 130 አምፔር ነው። ኤሌክትሮዱ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል 45 ዲግሪ ገደማ ይያዛል፤ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ደግሞ በጥቂቱ ዘንበል ይላል። የእሳቱ ርዝመት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ሲያልቅ የብየዳው ቅርፊት ተቀጥቅጦ ይነሳል፤ በሽቦ ብሩሽም ይጸዳል።

ስህተቱ ብረቱ ላይ ምልክት ይተዋል። እሳቱ ከረዘመ ወይም ኃይሉ ከበዛ በቆመው ላሜራ ላይ፣ ከብየዳው ጠርዝ በላይ፣ ቦይ ይቆፈራል፤ በያጆች አንደርከት ይሉታል። ኃይሉ ካነሰ ብየዳው ጉብ ብሎ ይቀመጣል፤ በተኛው ላሜራ ላይም ሳይዋሃድ ይደረባል። ማዕዘኑ ከተዛባ ብየዳው በአንደኛው ላሜራ ላይ ይረዝማል፣ በሌላው ላይ ያጥራል። እነዚህ ሁሉ በዓይንና በብየዳ መለኪያ ይታያሉ። የብየዳው እግር 5 ሚሊ ሜትር ይሁን ከተባለ መለኪያው መድረስ አለመድረሱን ይናገራል። ኃይሉን የሚሸከመው የብየዳው ጉሮሮ ደግሞ ከእግሩ 0.7 እጥፍ ገደማ፣ ማለትም 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። እግሩ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ጉሮሮው ወደ 2.1 ይወርዳል፤ ላዩ ቢያምርም ብየዳው ከታሰበለት ጭነት በጣም ያነሰ ነው የሚችለው።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ከላይ አይታይም፤ የብየዳው ሥር ማዕዘኑ ድረስ ገብቶ ከሁለቱ ላሜራዎች ጋር አለመዋሃዱ ነው። ይህን ለማወቅ ብየዳው በአንድ ወገን ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ የቆመው ላሜራ ወደ ብየዳው ወገን በመዶሻ ወይም በፕሬስ ይታጠፋል፤ የስብራት ምርመራ ይባላል። ሥሩ ተለጥጦ ሲከፈት በውስጡ የቀረ ቅርፊት፣ የአየር ቀዳዳና ያልተዋሃደ መስመር በግልጽ ይታያል። ያልተዋሃደ ከሆነ የላሜራው የመጀመሪያ የተቆረጠ ጠርዝ እንዳለ ቀርቶ ይገኛል። በዓይን ብቻ የሚያበቃ ቼክሊስት ይህን ሥራ ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። አንድ 350 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ የሚጣለው ጫፍ ተቀንሶ፣ 5 ሚሊ ሜትር እግር ያለው ብየዳ ወደ 170 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሠራል። የፈተናው ላሜራ 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተመዛኙ በአንድ ኤሌክትሮድ ሊጨርሰው ይችላል። ኤሌክትሮድ ቀይሮ ካቆመበት መጀመር ግን ከበያጅ ሥራ ከባዱ ነው፤ ጉብታ፣ ጉድጓድና ቅርፊት የሚበዙት እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። የበያጆችን ፈተና የሚመራው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 9606-1፣ የላሜራው ናሙና ቢያንስ 200 ሚሊ ሜትር እንዲሆንና በውስጡም ቆሞ እንደገና መጀመር እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ የቼክሊስቱ ጥራት የሚጀምረው ከቼክሊስቱ በፊት፣ ናሙናው ሲቆረጥ ነው። «ብየዳውን በትክክል ቀጥሏል» የሚል ነጥብ ባጭር ላሜራ ላይ ምንም አይመዝንም።

ሂደት ወይስ ውጤት

ሂደትን የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ያማረ ብየዳ በአጋጣሚ ሊገኝ ይችላል፤ ዓይኑን ሳይሸፍን ቅርፊት የቀጠቀጠ ሰውም ያማረ ብየዳ ሊያስረክብ ይችላል። ውጤትን የሚደግፉት ደግሞ አሠሪው የሚፈልገው የጸና ብየዳ ነው ይላሉ። ዓለም አቀፉ ደረጃ በአመዛኙ ወደዚህ ያዘነብላል። ፈታኙ ሥራውን ይከታተላል፤ ተፈታኙ ክህሎት እንደሌለው ካየም ማስቆም ይችላል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚወስነው ግን የናሙናው ምርመራ ነው።

ክርክሩ የሚበላሸው ሁለቱ በአንድ ድምር ሲቀላቀሉ ነው። በምሳሌ እናስላው። 20 ነጥብ ያለው ቼክሊስት እናስብ፤ 14ቱ ስለ ሂደት፣ 6ቱ ስለ ውጤት ናቸው፤ ማለፊያው 80 በመቶ፣ ማለትም 16 ነው። አንደኛዋ ተመዛኝ ሂደቱን ሁሉ በሥርዓት ፈጽማ 14 አገኘች። ብየዳዋ ግን እግሩ አጠረ፣ አንደርከት አለው፣ ቀዳዳ አለው፣ መጋጠሚያው ጎበጠ፤ ከ6ቱ ያገኘችው 2 ብቻ ነው። ድምሯ 16 ሆኖ አለፈች። ሁለተኛው ተመዛኝ ብየዳው በሁሉም መለኪያ ያለ እንከን ሆኖ 6 ሙሉ አገኘ። በሂደቱ ግን መሣሪያዎቹን በጠረጴዛ ላይ በቅደም ተከተል አላሰለፈም፤ ሥዕሉን ለመዛኙ አላብራራም፤ አምፔሩን ከሠንጠረዥ ሳያነብ በቁራጭ ብረት ላይ ሞክሮ አስተካከለ፤ ኤሌክትሮዱን ስሙን ጠርቶ አልመረጠም፤ ወርክሾፑንም መዛኙ እስኪነግረው አላጸዳም። ከ14ቱ 9 አግኝቶ በ15 ወደቀ። በተበየደው ብረት የሚጠቀም ሰው ሕይወት የሚያርፈው ባለፈችው በአንደኛዋ ብየዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ተጨማሪ ሥልጠና የሚያስፈልጋትን አሳልፎ ሠራተኛውን ይጥላል፤ ስህተቱም የመዛኙ አይደለም፣ የድምሩ ነው።

የተለመደው መፍትሔ «ወሳኝ ነጥብ» ማበጀት ነው፤ ያንን የሳተ ሌላው ምንም ቢሆን አያልፍም። መልካም ነው፤ ግን ሁሉም አዘጋጅ የራሱን ነጥብ ወሳኝ ማድረግ ይፈልጋልና ዝርዝሩ በቶሎ ይበዛል። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ወሳኝ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። ዓይንንና ቆዳን መሸፈን፣ ቅርፊት ሲቀጠቀጥ ጭምር፤ የማሽኑን ኬብልና መያዣ ከመጀመር በፊት ማየት፤ የእግሩ ልክ፤ ከስብራት ምርመራ በኋላ የሥሩ መዋሃድ። ሂደት ሊመዘን የሚገባው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው፤ አደጋ የሚያስከትል ሲሆን፣ ወይም ከተሠራው ዕቃ ላይ በኋላ ሊነበብ የማይችል ሲሆን። ኤሌክትሮዱን በስንት ዲግሪ እንደያዘ ከሩቅ ቆሞ መገመት ምን ያደርጋል? የተዛባ አያያዝ በእግሮቹ አለመመጣጠን ብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ መለኪያው ያንብበው።

አምፔሩን በተመለከተ ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ብዙ ቼክሊስቶች «ኃይሉን በ110 አምፔር አስተካክሏል» የሚል ዓይነት ነጥብ ይይዛሉ። ያረጀ ትራንስፎርመር ማሽን ግን በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አይሰጥም፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድም የሚወጣው ኃይል ያንሳል። የተጻፈውን አንብቦ የጀመረ ሰው ነጥቡን አግኝቶ የተደረበ ብየዳ ይሠራል። ነጥቡ «በቁራጭ ብረት ላይ ሞክሮ፣ የእሳቱን ድምፅና የብየዳውን ቅርጽ አይቶ አስተካክሏል» ቢባል እውነተኛውን ክህሎት ይይዛል።

ቼክሊስት ልምድን ሲቀጣ

ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ ከብየዳ ቤት ሳይሆን ከሕክምና ትምህርት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ፣ ዳንዲ፣ የሕክምና ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞሩ በቼክሊስት የሚመዘኑበትን ዘዴ አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብሪያን ሆጅስና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን፣ ተለማማጅ ሐኪሞችንና ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች በዚሁ ዘዴ አወዳደሩ። በአጠቃላይ ዳኝነት ሚዛን ልምድ ያላቸው በለጡ፤ በቼክሊስት ነጥብ ግን ዝቅ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው አላስፈላጊውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ ይሄዳል። ቼክሊስቱ ደግሞ የጀማሪን ጎዳና ይዞ ይቆጥራል።

ይህን ግኝት ወደ ወርክሾፕ ማሻገር ጥንቃቄ ይሻል፤ በሽተኛን ማነጋገርና ብረት መበየድ አንድ አይደሉም። ሆኖም ከላይ ያየነው ሁለተኛ ተመዛኝ የዚሁ ሰለባ ነው። በብየዳ ቤት አሥር ዓመት የሠራ ሰው አምፔርን በጆሮው ያስተካክላል፤ ሥዕሉን አንዴ አይቶ ያስቀምጣል። በሞጁል ቅደም ተከተል የተሠራ ቼክሊስት ይህን ሰው «ዘለለ» ብሎ ይጽፈዋል። ምዘናው ከሥራ የተማረን ሰው ዕውቅና ሊሰጥ የተቋቋመ ከሆነ፣ ይህ የዓላማው ተቃራኒ ነው። የደህንነት ነጥቦች ግን ከዚህ ክርክር ውጪ ናቸው፤ ጥቁር መነጽር ብቻ አድርጎ መበየድ የልምድ ምልክት ሆኖ ሊቆጠር አይችልም።

አዎና አይ፣ ሁለት መዛኝና ዳኝነት

የቼክሊስት ትልቁ ተስፋ የመዛኞች ስምምነት ነው፤ እዚህም ቁጥሩ ያታልላል። ሁለት መዛኞች አንዱን ተመዛኝ በ20 ነጥብ አይተው በ18ቱ ተስማሙ እንበል፤ 90 በመቶ ስምምነት ሲባል ያኮራል። ነገር ግን ሁለቱም 18 «አዎ» የሰጡ ከሆነ፣ ብረቱን ሳያዩ በዘፈቀደ ምልክት ቢያደርጉ እንኳ 82 በመቶ ያህል ይስማሙ ነበር። ጃኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረበው ካፓ በሚባለው ስሌት የአጋጣሚው ድርሻ ሲቀነስ ስምምነታቸው 0.44 ብቻ ይሆናል። ማንም የማይስተው ነጥብ የተሞላበት ቼክሊስት የመዛኞችን ስምምነት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሰውን ከሰው ግን አይለይም።

የተሻለ የሚሠራው ነጥቦቹን እንደ ባሕርያቸው መለየት ነው። የወርልድ ስኪልስ ውድድር ይህን አድርጎታል። የሚለካው በመለኪያ ይለካል፤ የሚዳኘው ደግሞ ከ0 እስከ 3 በሚደርስ ሚዛን በሦስት ባለሙያዎች ይዳኛል። 0 ከኢንዱስትሪው ደረጃ በታች ነው፤ 1 ደረጃውን ያሟላ፣ 2 በከፊል የበለጠ፣ 3 እጅግ የላቀ ነው። ባለሙያዎቹ ከአንድ ነጥብ በላይ ከተራራቁ ተነጋግረው ማቀራረብ አለባቸው። ለኛ ብየዳ «የብየዳው መስመር ቀጥተኛነትና ወጥነት» በዚህ ሚዛን ቢዳኝ ያስኬዳል። «አንደርከቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም» የሚለው ግን በመለኪያ እንጂ በዓይን አይሆንም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትርን በዓይን እለያለሁ የሚል መዛኝ እየገመተ ነው። ልኩም ቢሆን ከየትኛው ደረጃ እንደተወሰደ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። በአይኤስኦ 5817 የመካከለኛው የጥራት ደረጃ ለዚህ ውፍረት 0.5 ሲፈቅድ ዝቅተኛው እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ልኩ ሳይጻፍ «አንደርከት የለውም» ከተባለ አንዱ መዛኝ ጥሎ ሌላው ያሳልፋል።

ገና ያልተቋጨ

አንድ ሥራ ስለ ስንት ሥራ ይመሰክራል የሚለው ጥያቄ ገና ክፍት ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ በዚህ ጥንቁቅ ነው። በዚህ አቀማመጥ፣ ማለትም አንዱ ላሜራ ተኝቶ ሌላው ቆሞ የበየደ ሰው ወደ ላይ እየወጣ በሚበየድ አቋቋም ብቁ ነው አይልም። የብቃት አሃድ ምስክር ወረቀት ግን «በኤሌክትሪክ ብየዳ ብቁ» ብሎ በሰፊው ይናገራል። የፈተናውን አቀማመጥና ውፍረት በምስክር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ርካሽ ማስተካከያ ነው፤ አሠሪው ምን እንዳልታየ ያውቃል። በተጨማሪም ዓለም አቀፉ ምስክር ወረቀት ዘላለማዊ አይደለም፤ በያጁ በሥራው ላይ መቆየቱ በየስድስት ወሩ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሙያ ብቃት ምዘና እንዲህ ያለ ጊዜ ሊበጅለት ይገባል አይገባም የሚለው ከወጪው ጋር የሚታይ ነው፤ ለመቆሚያና ለድልድይ ብየዳ ግን አስፈላጊ ይመስለኛል።

ቼክሊስቱ አስቀድሞ ለሠልጣኞች ይሰጥ ወይስ ይደበቅ የሚለውም ያከራክራል። ደረጃው ግልጽ መሆኑ ፍትሕ ነው የሚሉ አሉ፤ ከተሰጠ ሠልጣኙ ነጥቦቹን እንደ ጸሎት ይሸመድዳል የሚሉም አሉ። ስጋቱ እውነት የሚሆነው ነጥቦቹ የሂደት ሲሆኑ ነው። የ5 ሚሊ ሜትር እግርና የተዋሃደ ሥር የሚሸመደዱ አይደሉም፤ ያንን ለማግኘት ሠልጣኙ ብረት ላይ መለማመድ ግድ ይሆንበታል።

ቼክሊስት የሚያዘጋጁ አሠልጣኞችና መዛኞች ቢያንስ ሦስት ነገር ያድርጉ። ናሙናውን ከ200 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ተመራጩ 250 ሚሊ ሜትር ይቁረጡና በአንድ ወገን ብቻ ያስበይዱ። የሂደቱንና የውጤቱን ነጥብ በተለያየ ድምር ይያዙ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን። ከመዘኑ በኋላም ቆመው የነበሩትን ላሜራዎች ወደ ብየዳው አጥፈው ይስበሩ።